ሰብስክሪፕሽን ፖዝ ይደረግ ወይስ ይሰረዝ? የትኛው ገንዘብ እንደሚያተርፍ በስሌት

በየወሩ ከካርድዎ ገንዘብ የሚቆርጥ አገልግሎት አለ እንበል። ለተወሰኑ ወራት እንደማይጠቀሙበት ያውቃሉ። የአካውንቱን ገጽ ሲከፍቱ ሁለት ምርጫ ይቀርብልዎታል፤ አንዱ ለጊዜው ማቆም ማለትም ፖዝ፣ ሌላው ጭራሹን መሰረዝ። አብዛኛው ሰው «ምናልባት እመለስ ይሆናል» ብሎ ፖዙን ይጫናል። ምክንያቱ ግን አያስኬድም፤ መመለስ በሁለቱም መንገድ ይቻላል። የተሰረዘ ደንበኝነት በማንኛውም ሰዓት ካርድ አስገብቶ መልሶ መክፈት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ትልቁ ልዩነት ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የፖዙ ጊዜ ሲያልቅ ክፍያው ማንንም ሳይጠይቅ ይቀጥላል። የተሰረዘው ደግሞ እርስዎ ራስዎ ካልከፈቱት በቀር እንደተዘጋ ይቀራል። በመጀመሪያው ቢረሱ ገንዘብ ይወጣል፤ በሁለተኛው ቢረሱ ምንም አይወጣም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከመሰረዝ ነው የምነሳው። ፖዝ የሚያዋጣው ሲሰርዙ በገንዘብ ሊቆጠር የሚችል ነገር የሚያጡ ከሆነ ብቻ ነው። ያ ነገር መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ የሚከተሉትን ደረጃዎች ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ይለዩ

የባንክ ስቴትመንትዎን ወይም በኢሜይል የመጣውን ደረሰኝ ይክፈቱና ከፋዩ ሳይሆን ተቀባዩ ማን ተብሎ እንደተጻፈ ይመልከቱ። አገልግሎቱን በድረ ገጹ ከተመዘገቡበት ስሙ የራሱ የአገልግሎቱ ይሆናል። በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ከተመዘገቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ጎግል ወይም አፕል ነው። በዚህ ጊዜ የአገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ የመሰረዣ ቁልፍ ፍለጋ ቢዞሩ አያገኙትም፤ ማቆምም መሰረዝም የሚቻለው ገንዘቡን በሚሰበስበው ድርጅት በኩል ነው።

በጎግል ፕሌይ ከሆነ የፕሌይ ስቶር መተግበሪያውን ከፍተው የመገለጫ ምስልዎን ይንኩ፤ ከዚያ «Payments & subscriptions»፣ ቀጥሎም «Subscriptions» ይግቡ። አገልግሎቱን ሲመርጡ መሰረዣው ይኖራል። ፖዝ ግን የሚታየው የመተግበሪያው ባለቤት ከፈቀደ ብቻ ነው። በአይፎን «Settings» ውስጥ ስምዎን ነክተው «Subscriptions» ሲገቡ የሚያገኙት የተለመደ ምርጫ መሰረዝ ነው። በአፕል በኩል የሚከፍል ሰው እንግዲህ ብዙውን ጊዜ የሚያማርጠው ነገር የለውም።

መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ከሁለቱም አይቆጠርም። ምስሉ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ ክፍያው ግን በቀኑ ይቆረጣል።

ደረጃ 2፦ የፖዙን ደንብ አንብቡ ሳይሆን ፈልጉ

ሙሉውን የአገልግሎት ውል ማንበብ አያስፈልግም። የእርዳታ ገጹ ላይ ፖዝን የሚመለከተውን ክፍል አውጥተው የሚከተሉትን ብቻ ይፈልጉ።

መጀመሪያ፣ ፖዙ የሚጀምረው መቼ ነው? በአብዛኛው ቁልፉን በተጫኑበት ቀን ሳይሆን አስቀድሞ የተከፈለበት ወር ሲያልቅ ነው። መሰረዝም እንዲሁ ነው፤ የከፈሉበት ወር እስኪያልቅ አገልግሎቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ያለፈውን ክፍያ በማስመለስ በኩል እንግዲህ አንዱ ከሌላው አይሻልም። ለየት የሚለው የነጻ ሙከራ ጊዜ ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች ሙከራውን በሰረዙበት ቅጽበት ይዘጉታል፤ ስለዚህ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ከመሰረዙ በፊት ይህን ማጣራት አለበት። በሌላ በኩል የመጨረሻዋን ደቂቃ መጠበቅም አደጋ አለው። አፕል ራሱ የነጻ ሙከራን ቢያንስ ከማለቁ 24 ሰዓት አስቀድመው እንዲሰርዙ ይመክራል።

ሁለተኛ፣ ፖዙ እስከ ስንት ይዘልቃል? እዚህ ላይ ብዙ ሂሳብ ይበላሻል። ጎግል ፕሌይ ለወርሃዊ ደንበኝነት የሚፈቅደው ከ1 እስከ 3 ወር ነው። ዩቲዩብ ፕሪሚየም በወር ለሚከፍል ከ1 እስከ 6 ወር ይሰጣል። «ሁሉ» የተባለው የቪዲዮ አገልግሎት ጣሪያው 12 ሳምንት ነው። ደንቡ እንደ አገሩና እንደ ፕላኑ ስለሚለያይና ስለሚቀያየር በራስዎ አካውንት ላይ የሚታየውን ቁጥር ይያዙ። እርስዎ የማይጠቀሙበት ጊዜ ከጣሪያው ከረዘመ የቀረው ወር በሙሉ ዋጋ ይቆረጣል። ፖዙን ደጋግሞ ማድረግ ይቻል እንደሆነም ይዩ፤ በ12 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቅዱ አሉ።

ሦስተኛ፣ ፖዙ ራሱ ያስከፍላል? በኢንተርኔት አገልግሎቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። ጂም ላይ ግን በየወሩ አነስ ያለ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የቆመው ወር ከውሉ መጨረሻ ላይ የሚጨመርበት አሠራር ነው። የ12 ወር ውል ፈርመው 3 ወር ቢያቆሙ ውሉ በ15ኛው ወር ያልቃል እንጂ የሚከፍሉት ወር አይቀንስም። እንዲህ ያለው ፖዝ ክፍያውን ወደፊት ገፋው እንጂ ምንም አላተረፈም። በተለይ ውሉ ሲያልቅ ለመውጣት ያሰበ ሰው ይህን አንቀጽ ሳያይ መፈረም የለበትም።

ደረጃ 3፦ ሲሰርዙ የሚያጡትን በገንዘብ ይጻፉ

ወረቀት ይያዙ። አንድ ሰው ሲሰርዝ ሊያጣ የሚችለው ገንዘብ ያለው ነገር ከአራት አይበልጥም።

የመጀመሪያው የድሮ ዋጋ ነው። ከዓመታት በፊት የተመዘገበ ደንበኛ አዲስ ገቢዎች ከሚከፍሉት ያነሰ እየከፈለ ሊሆን ይችላል፤ ሰርዞ ሲመለስ የሚጠብቀው የዛሬው ዋጋ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ከአካውንትዎ ሳይገቡ፣ በብራውዘሩ የግል መስኮት የአገልግሎቱን የዋጋ ገጽ ይክፈቱና ከደረሰኝዎ ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ከሌለ የሚጠበቅ የድሮ ዋጋ የለዎትም ማለት ነው፤ የፖዝ ትልቁ ጥቅም እዚሁ ላይ ያበቃል። ልዩነት ቢኖርም እንኳ ፖዝ ዋጋውን ለዘላለም አያስርም። ድርጅቱ በነባር ደንበኞች ላይ ጭማሪ ካደረገ ፖዝ ላይ ያለውንም ሊመለከት ይችላል።

ሁለተኛው ያልተጠቀሙበት ክሬዲት ነው። የድምፅ መጽሐፍ አገልግሎቶች በየወሩ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ኦዲብል ላይ ለምሳሌ አባልነቱ ሲሰረዝ ያልወጣ ክሬዲት ይጠፋል፣ በክሬዲት የተገዛው መጽሐፍ ግን የገዢው ሆኖ ይቀራል። ይህ ኪሳራ በቀላሉ ዜሮ ይሆናል፤ ከመሰረዝዎ በፊት ክሬዲቱን በሙሉ መጽሐፍ ይግዙበት። ብዙ ሰው «ክሬዲት አለኝ» ብሎ ወር በወር እየከፈለ ይቆያል፤ በየወሩም አዲስ ክሬዲት ይጨመርለታል፤ ለመሰረዝም የባሰ ይሳሳል።

ሦስተኛው እንደገና የመመዝገቢያ ክፍያ ነው፤ ጂም ላይ ይበዛል። አራተኛው ውል ከማለቁ በፊት ለወጣ ሰው የሚጣል ክፍያ ነው፤ ወደ በኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ።

የተመለከቱት ዝርዝር፣ የመረጡት ሙዚቃ፣ የትምህርት ደረጃዎ እነዚህ ሁሉ ሰው እንዳይሰርዝ የሚያስፈሩት ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ብዙ አገልግሎቶች አካውንቱን ራሱን እስካላጠፉት ድረስ ይህን መረጃ ለተወሰነ ጊዜ ያቆዩታል። ደንበኝነትን መሰረዝና አካውንትን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ስለሆኑ አያምታቱ። የፋይል ማከማቻ ላይ ብቻ ነገሩ ይከብዳል። የጎግል ነጻ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ በላይ ፋይል እያለዎት ክፍያውን ቢያቆሙ አዲስ ፋይል መጫን አይችሉም፣ በጂሜይልም መላክና መቀበል ይቋረጣል። ለ2 ዓመት ከኮታው በላይ ሆኖ ከቆየ ደግሞ ይዘቱ ሊጠፋ ይችላል። እዚህ መጀመሪያ ፋይሉን አውርዶ ቦታውን ማቅለል፣ ከዚያ መሰረዝ ነው።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን ወጪ ጎን ለጎን ያስቀምጡ

ስሌቱ ይኸው ነው፦

```
የፖዝ ወጪ    = የፖዝ ክፍያ × የፖዝ ወራት
             + የአሁኑ ዋጋ × ፖዙ አልቆ የማይጠቀሙባቸው ወራት

የመሰረዝ ወጪ = የመመለሻ ክፍያ + የሚጠፋ ክሬዲት
             + (አዲሱ ዋጋ − የአሁኑ ዋጋ) × ከተመለሱ በኋላ የሚቆዩባቸው ወራት
```

አነስ ያለው ይመረጣል። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሂድበት።

አንድ ደንበኛ ለፊልም አገልግሎት በወር 11 ዶላር ይከፍላል። የዋጋ ገጹን ሲያይ አዲስ ለሚመዘገብ 15 ዶላር ሆኗል። ለ5 ወር ሥራ ስለሚበዛበት አንድም ፊልም እንደማያይ ያውቃል። አገልግሎቱ ፖዝን በነጻ ይሰጣል፤ ጣሪያው 3 ወር ነው፣ ወዲያው ደግሞ መድገም አይቻልም።

ፖዝ ካደረገ 3 ወር አይከፍልም። በ4ኛውና በ5ኛው ወር ግን ሳያይ 11 እና 11፣ በድምሩ 22 ዶላር ይቆረጥበታል። ከዚያ በኋላ በ11 ይቀጥላል። ከሰረዘ 5ቱንም ወር ምንም አይከፍልም፤ ሲመለስ ግን በወር 4 ዶላር ብልጫ ይከፍላል። የመመለሻ ክፍያ የለም፣ ክሬዲትም የለም።

ጥያቄው ያ የ4 ዶላር ብልጫ 22 ዶላር የሚሞላው መቼ ነው የሚል ብቻ ይሆናል። 22ን ለ4 ስናካፍል 5.5 ይመጣል። እንግዲህ ከተመለሰ በኋላ እስከ 5 ወር ብቻ የሚቆይ ከሆነ መሰረዝ ያተርፈዋል፤ 6 ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ፖዝ ያተርፈዋል። አንድ ዓመት ቢቆይ ብልጫው 48 ዶላር ስለሚደርስ ፖዝ በ26 ዶላር ይበልጣል። 4 ወር ቢቆይ ደግሞ ብልጫው 16 ዶላር ብቻ ስለሆነ መሰረዝ በ6 ዶላር ይበልጣል።

አሁን አንዱን ነገር እንቀይረው። የዋጋ ገጹ ላይም 11 ዶላር ቢሆን ኖሮስ? የመሰረዝ ወጪ ዜሮ ነው፤ የፖዝ ወጪ 22 ዶላር። ምንም የሚያከራክር ነገር የለም። ሌላ እንቀይር፤ ዋጋው 11 እና 15 ሆኖ የማያይበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ቢሆን? ፖዙ ጊዜውን ሙሉ ስለሚሸፍነው ወጪው ዜሮ ነው፤ መሰረዝ ግን በእያንዳንዱ የተመለሰበት ወር 4 ዶላር ያስወጣል። እዚህ ፖዝ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። የእግር ኳስ ውድድር ለማየት ብቻ የሚከፍል ሰው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የሊጉ እረፍት መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ከፖዙ ጣሪያም ብዙ ጊዜ አይረዝምም፤ የድሮ ዋጋ ካለው ፖዝ ያድርግ። ከሌለው ሁለቱም ዜሮ ስለሆኑ መሰረዙ ይሻለዋል፤ ውድድሩ ዘግይቶ ቢጀምርም ባይጀምርም ክፍያው እርሱን ይጠብቃል።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ሆን ብዬ የተውኩት ነገር አለ፤ ሰርዘው ለሄዱ ደንበኞች የሚላከው የመመለሻ ቅናሽ። ብዙ ድርጅቶች ከተሰረዘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ተመለሱ» እያሉ ቅናሽ ይልካሉ። ከላይ ያለው ደንበኛ ለመጀመሪያ 2 ወር ግማሽ ዋጋ ቢያገኝ ከ15 ዶላሩ በየወሩ 7.50፣ በድምሩ 15 ዶላር ይቀንስለታል፤ የመሰረዝ ወጪው በዚያው ልክ ይወርዳል። ፖዝ ያደረገ ሰው ይህ አይላክለትም፤ ድርጅቱ ዘንድ እርሱ እንዳልሄደ ደንበኛ ነው የሚቆጠረው። ሆኖም ቅናሹ ላይመጣ ስለሚችል እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ መሠረት አይቁጠሩት።

እርግጠኛ ካልሆኑስ?

እስካሁን ደንበኛው እንደሚመለስ ያውቃል ብለን ነው ያሰላነው። በእውነቱ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ያን ጊዜ የድሮውን ዋጋ ጥቅም በመመለስ እድልዎ ያባዙት። ተመልሰው 6 ወር ቢቆዩ የድሮው ዋጋ 24 ዶላር ያድንልዎታል እንበል፤ የመመለስ እድልዎ ግማሽ በግማሽ ከሆነ እውነተኛው ጥቅም 12 ዶላር ነው። በሌላ ወገን ፖዙ የሚያልቅበትን ቀን ቢረሱ የአንድ ወር 11 ዶላር ይሄዳል። አንድ ጊዜ መርሳት ብቻ ጥቅሙን ከሞላ ጎደል ይወስደዋል። ሁለት ወር ከረሱ ኪሳራ ውስጥ ነዎት። እኔ እድሌ ከግማሽ በታች ነው ብዬ ካሰብኩ ሁልጊዜ እሰርዛለሁ።

ጂም፦ ጊዜው ሲረዝም መልሱ የሚገለበጥበት ቦታ

በጂም አባልነት ላይ ስሌቱ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ምክንያቱም ፖዙ በየወሩ ያስከፍላል፣ መሰረዝ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስወጣው። ወርሃዊው 40 ዶላር፣ የፖዝ ክፍያው በወር 10 ዶላር፣ እንደገና መመዝገቢያው 50 ዶላር ይሁን። ለ3 ወር ከቀሩ ፖዝ 30፣ መሰረዝ 50፤ ፖዝ ይሻላል። 5 ወር ላይ እኩል ይመጣሉ። ለ8 ወር ከቀሩ ፖዝ 80 ሲደርስ መሰረዝ አሁንም 50 ነው።

እዚህ ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንቀጽ አለ፤ የቅድሚያ ማስታወቂያ። ለመሰረዝ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ግድ ከሆነ፣ ያን ወር የማይሄዱበት ከሆነ፣ የመሰረዙ ወጪ 40 ተጨምሮበት 90 ይሆናል፤ እኩል የሚሆኑበትም ከ5 ወር ወደ 9 ወር ይገፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። መሄድዎን እንዳወቁ፣ ገና እየተጠቀሙበት ሳለ ማስታወቂያውን በጽሑፍ ያስገቡ፤ የማስታወቂያው ወር የምትሠሩበት ወር ስለሚሆን 40ው በከንቱ አይሄድም። በቃል መናገር አይበቃም። ደረሰኝ ወይም መልስ የመጣበት ኢሜይል ይያዙ።

የዓመት ፕላን

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሙሉውን ዓመት አስቀድሞ የተከፈለበት ነው። እዚህ ፖዝ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ቢገኝም ገንዘቡ ወጥቷል። የሚደረገው የራስ-ሰር እድሳቱን ዛሬውኑ ማጥፋት ነው፤ አገልግሎቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቀጥላል፣ የሚቀጥለው ዓመት ግን አይቆረጥም። «ሊያልቅ ሲል እሰርዘዋለሁ» ማለት ዓመት ሙሉ ሊያስከፍል የሚችል ቀጠሮ ነው።

ሁለተኛው በወር የሚከፈል ሆኖ ውሉ ግን የዓመት የሆነው ነው። ወርሃዊ ይመስላል፣ አይደለም። የታወቀው ምሳሌ አዶቢ ነው፤ እንዲህ ባለው ፕላን ከመጀመሪያው 14 ቀን በኋላ የሚሰርዝ ሰው ከቀረው ውል 50 በመቶ ይጠየቃል፤ ደንቡ እንደ አገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መሪነት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ይህ ክፍያ ለደንበኞች በግልጽ አልታየም ብሎ ድርጅቱን ከስሷል።

ይህን ክፍያ ያየ ሰው ደንግጦ ውሉ እስኪያልቅ መክፈሉን ይቀጥላል። አስሉት ግን። ወርሃዊው 20 ዶላር ሆኖ 4 ወር ቢቀር ቀሪው 80 ነው፤ ዛሬ ቢሰርዙ 40 ይከፍላሉ። በቀሩት ወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ መሰረዝ 40 ያድናል። ከሚቀሩት ወራት ሁለቱን የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን በ40ው ፋንታ ቆይቶ መጠቀምም ያስኬዳል፤ ያን ጊዜ የሚያጠፉት እድሳቱን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ወስነው ሲያበቁ አፈጻጸሙ

የሚሰርዙ ከሆነ ጥሩው ቀን ከተከፈለ ማግስት ነው። ወሩ ሙሉ ይቀርልዎታል፣ የሚቀጥለው ክፍያም ከወዲሁ ተዘግቷል። ለፖዝም እንዲሁ አስቀድሞ ማድረግ ነው፤ ከክፍያው ቀን በፊት የተወሰነ ጊዜ ቀድመው ካልጠየቁ የሚቀጥለውን ዙር የሚቆርጡ አሉ።

የመሰረዣ ገጾች ብዙ ጊዜ ባለ ብዙ እርከን ናቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በትልቁና በደማቁ የተቀባው ቁልፍ መቆየት፣ ቅናሽ ወይም ፖዝ ነው፤ መሰረዙ ደብዘዝ ብሎ ከታች ይቀመጣል። የአሜሪካው ኮሚሽን በአማዞን ፕራይም ላይ ባቀረበው ክስ ድርጅቱ የመሰረዣውን ሂደት ለራሱ «ኢሊያድ» ብሎ ይጠራው እንደነበር ገልጿል፤ ረጅሙን የግሪክ ግጥም መሆኑ ነው። ጉዳዩ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። መካከል ላይ የሚቀርበውን ቅናሽ የሚቀበሉት በእነዚያ ወራት በእርግጥ የሚጠቀሙበት ከሆነ ብቻ ነው። ለማያዩት ነገር ግማሽ ዋጋ መክፈል አሁንም ወጪ ነው።

መጨረሻ ላይ ደረስኩ ብለው ገጹን ከመዝጋትዎ በፊት የሁኔታውን ጽሑፍ ያንብቡ። ቀን ይጻፍበታል፤ ወሳኙ ግን ከቀኑ በፊት ያለው ቃል ነው። «Renews on» የሚል ከሆነ ምንም አልተለወጠም፤ ምናልባት የመጨረሻውን ቁልፍ ሳይጫኑ ወጥተዋል። «Resumes on» ካለ ፖዝ ተደርጓል፣ በዚያ ቀንም ይቆረጣል። «Expires on» ወይም «Ends on» ካለ ተሰርዟል። ይህን ገጽ ስክሪንሹት ያንሱ፤ የማረጋገጫ ኢሜይሉም መምጣቱን ያዩ ዘንድ የአላስፈላጊ መልእክቶችን ሳጥን ጭምር ይክፈቱ።

ፖዝ ካደረጉ በስልክዎ ቀን መቁጠሪያ ላይ ከሚቀጥልበት ቀን 3 ቀን ቀደም አድርገው ማስታወሻ ይሙሉ፤ ማስታወሻው ላይ የአገልግሎቱን ስምና የሚቆረጠውን መጠን ይጻፉ። «ፖዝ ያልቃል» ብቻ ብለው ከጻፉ ያን ቀን ሲጮህ ዝም አሰኝተው ያልፉታል፤ «ሐሙስ 11 ዶላር ይቆረጣል» ቢል ግን ይከፍቱታል። አገልግሎቱ ራሱ ያስታውሰኛል ብለው አይጠብቁ።

ካርዱን ማገድ ወይም ገንዘብ እንዳይኖረው ማድረግ የመሰረዝ አቋራጭ አይደለም። አገልግሎቱ ክፍያውን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ውል ያለበት ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለው ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። አዲስ ካርድ ሲወጣልዎ የካርድ ድርጅቱ አዲሱን ቁጥር በራሱ ለነጋዴው የሚያስተላልፍበት አሠራርም ስላለ፣ አሮጌው ካርድ ጊዜው አለፈ ብለው እፎይ አይበሉ።

ከሰረዙ በኋላ ቢቆረጥ

በሚቀጥለው የክፍያ ቀን ማግስት ስቴትመንቱን ይመልከቱ። ተቆርጦ ካገኙ መጀመሪያ ቀኑን ከስክሪንሹቱ ጋር ያስተያዩ፤ ክፍያው ከመሰረዝዎ በፊት የተጀመረና ዘግይቶ የገባ ሊሆን ይችላል። ያ ካልሆነ ሌላ ኢሜይል የከፈቱት ሁለተኛ አካውንት እንዳለ ይፈትሹ፤ በድረ ገጽ አንድ፣ በስልክ መተግበሪያ ሌላ ደንበኝነት ይዘው አንዱን ብቻ የሚሰርዙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሁለቱም ካልሆኑ ለአገልግሎቱ የተሰረዘበትን ቀንና ስክሪንሹቱን አያይዘው ገንዘቡ እንዲመለስ በጽሑፍ ይጠይቁ። በጎግል ወይም በአፕል በኩል የተከፈለ ከሆነ የተመላሽ ጥያቄው የሚቀርበው ለእነርሱ ነው። መልስ ካጡ ወደ ባንክዎ ሄደው ክፍያውን መቃወም ይቻላል፤ ባንኮች ለዚህ የጊዜ ገደብ ስላላቸው ከአገልግሎቱ ጋር ወራት ሙሉ ሲጻጻፉ አይቆዩ።